ግድግዳ የሌላቸው ስምንት ክፍሎች

እናቴ ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ደወለችልኝና፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳ ሳትል «ፔንሲዮን ልሠራ ነው፤ ፕላኑን የምትሥዪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ይመችሻል ወይ የለ፣ ጊዜ አለሽ ወይ የለ። አሰላ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ያገለገለች ሴት ናት፤ ማዘዝ እንጂ መለመን አታውቅበትም። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ በአርክቴክትነት ተቀጥሬ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሕንፃ ደረጃና ሽንት ቤት ስሥል የኖርኩ ነኝ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው «ይሄ የኔ ነው» የምለው የውሻ ቤት እንኳ አልነበረኝም። ስልኩን ዘጋሁና በተሽከርካሪ ወንበሬ አንዴ ዞርኩ፤ ደስ ሲለኝ ደግሜ ዞርኩ። አለቃዬ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ «ሥራ አገኘሁ» አልኩት፣ እዚያው ሥራዬ ላይ ተቀምጬ።

ቅዳሜ አሰላ ስደርስ እናቴ ግቢው መሀል ቆማ፣ በሹራቧ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ደብተር ይዛ ትጠብቀኛለች። የጭላሎ ተራራ ደመናውን እስከ አንገቱ ስቦ ተኝቷል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ግቢያችን ጠባብና ረጅም ነው፤ ፊቱ መንገድ፣ ጎኑ ቀጭን የኮረት መንገድ፣ መጨረሻው ላይ እኔ ያደግኩባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት። መሀሉ ጎመንና ድንች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ምንም።

«ስምንት ክፍል» አለችኝ፣ ደብተሯን ገልጣ። «እያንዳንዱ የራሱ መታጠቢያ ያለው። ሙቅ ውሃ። ንጹሕ አንሶላ። ጩኸት የለ፣ መጠጥ የለ።»

«ለማን ነው?»

«ለተመዳቢዎች ነዋ። ሳጉሬ፣ ዲክሲስ፣ ሁሩታ የሚመደቡ አስተማሪዎችና ነርሶች ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ይወርዳሉ። ደብዳቤያቸው እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ቀን የሚያድሩበት ደህና ቦታ የላቸውም።»

የድሮው ቤት ኩሽናና ልብስ ማጠቢያ ይሆናል፤ ስምንቱ ክፍሎች መሀል ግቢው ላይ ይሠራሉ። ሁሉንም አስባ ጨርሳዋለች። እየጻፍኩ፣ እየጻፍኩ ቆየሁና ድንገት እጄ ቆመ።

«ቆይ፣ አንቺስ? አንቺ የት ልትተኚ ነው?»

«ኧረ እኔ የትም እተኛለሁ! ከኋላ ለአንሶላ ማስቀመጫ አንዲት ክፍል ትሠሪ የለ? እሷ ውስጥ አንድ አልጋ ይበቃኛል።»

አንሶላ ማስቀመጫ! የገዛ ቤቷን ለድስትና ለልብስ ማጠቢያ ለቅቃ፣ በስተርጅና ከአንሶላና ከሳሙና ጋር ልትተኛ! እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን የምጀምረው እናቴን እቃ ቤት በማስገባት ነው ማለት ነው። «አይሆንም» አልኳት። «ይሆናል» አለችኝ። ጠባችን ከዚያች ቅዳሜ ጀመረ፤ ሌላው ሁሉ፣ ቧንቧውም መስኮቱም፣ በዚህ ጠብ ዙሪያ የሚሽከረከር ነገር ነበር።

ጠቡ ግን እንዴት ያለ ደስታ ነበረው መሰላችሁ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ከአዳማ በሚኒባስ ሽቅብ እየወጣሁ፣ የተጠቀለለ ወረቀቴን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች ፍቅር የያዘኝ ሳይመስላቸው አልቀረም። እውነትም ፍቅር ነበር፤ ፍቅሩ የአንዲት ክፍል ነው።

አንዲት ክፍል። የእንግዳ ማረፊያ ምሥጢሩ ይህ ነው፦ አንዷን ክፍል እስክትጠግብ ድረስ ታስባታለህ፣ ከዚያ ትደግማታለህ። ወርዷ ከግድግዳ መሀል እስከ ግድግዳ መሀል ሦስት ሜትር ከስልሳ፣ ርዝመቷ አምስት ሜትር ከአርባ። በሩና መስኮቱ በረንዳው ላይ፣ አልጋው መሀል፣ መታጠቢያ ቤቱ ከኋላ። ሁለተኛዋን ክፍል ስትደግም ግን እንዲሁ አትገለብጣትም፤ በመስታወት እንደታየች አድርገህ ነው የምታዞራት። ያኔ የሁለቱ ክፍሎች መታጠቢያዎች ጀርባ ለጀርባ ይገናኙና አንድ የቧንቧ ግድግዳ ይጋራሉ። ከኋላቸው አንድ ሜትር መተላለፊያ ተውኩ፤ ቱቦ ቢፈነዳ ሠራተኛው እንግዳ ሳይቀሰቅስ በዚያ ገብቶ ይጠግናል። አራት ክፍል በቀኝ፣ አራት ክፍል በግራ፣ መሀላቸው ጠባብ አትክልት ያለበት ግቢ። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ዓይነት ንጣፍ ስምንት ጊዜ። በረቀቀ ቁጥር ይበልጥ ቀላል ይሆን ነበር፤ እኔም በቀለለ ቁጥር እፈነጥዝ ነበር።

እናቴ ወረቀቱን አየችና መነጽሯን አወረደች። «ቆሻሻው አንሶላ በየት ነው የሚወጣው?»

«በ... በበሩ።»

«ንጹሑስ በየት ይገባል?»

«በበሩ።»

«እና መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷ ግን ወደ ነርስነቷ ተመልሳለች። ሆስፒታል ውስጥ ንጹሕና ቆሻሻ በአንድ መንገድ እንደማይሄዱ፣ ያደረ አንሶላ የታጠበው ካለበት ክፍል እንደማይገባ፣ ምግብ የሚያልፍበት ላይ የቆሻሻ ባልዲ እንደማያልፍ ነገረችኝ። ስድስት ዓመት አጥንቼ ስድስት ዓመት ሠርቼ ያልገባኝን በአንድ ጣት አሳየችኝ። የድሮውን ቤት በሁለት ከፈልነው፤ በግራ በኩል ኩሽና፣ በቀኝ በኩል ማጠቢያ። ያደረው አንሶላ በኋላው መተላለፊያ ዞሮ ማጠቢያው ይገባል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ በሌላ በር ወደ ማስቀመጫዋ ይወጣል፤ ከዚያ በበረንዳው በኩል ወደ ክፍሎቹ ይሄዳል። ከሰል፣ አትክልት፣ የቆሻሻ ከረጢት በሙሉ በጎን ባለው የኮረት መንገድ፣ በሁለተኛ ትንሽ በር ያልፋሉ። እንግዳ አንዱንም አያይም።

ያቺ ማስቀመጫ ደግሞ ከቀኙ ረድፍ መጨረሻና ከድሮው ቤት መሀል የተረፈች ናት። ወርዷ ሁለት ሜትር ከሃያ። እናቴ አልጋዋን በእርሳስ ሣለችባት፤ እኔ አጠፋሁት። ሣለች፤ አጠፋሁ። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳሳ።

«እሺ፣ ከስምንቱ አንዷን ክፍል አንቺ ውሰጃት» አልኳት። «ሰባት ይበቃል።»

«ሰባት ብሎ ነገር የለም! መታጠቢያዎቹ ጀርባ ለጀርባ ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ ናቸው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም? ሰባት ከሆነ አንዱ ብቻውን ሊቀር ነው? ቧንቧው ሊባክን?»

የገዛ ትምህርቴን አንስታ ራሴን መታችኝ። መልሱን እስከማገኝ ድረስ ወራት አለፉ ብል ታምኑኛላችሁ? ለዚያች ለቀላል ነገር! እንዲህ ስትናገር ፊቷ የድል ፊት ስለሚሆን ማሰብ ያቅተኝ ነበር።

መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ፕላኑን መሬት ላይ በልኩ እናውጣው ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ፎርማኑ የሳጉሬ ሰው ነው፤ ቁመቱ መሰላል የሚያክል፣ አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዛ የሚናገር፣ ከመሥራቱ በፊት የሚስቅ። ችካል ተከለ፣ ሲባጎ ወጠረ፣ በጣሳ ኖራ እየነሰነሰ ሲሄድ የእናቴ ግቢ ቀስ በቀስ ቤት ሆነ። ነጭ መስመር፣ ነጭ በር፣ ነጭ በረንዳ። እኔ ከሥር ከሥሩ እየዘለልኩ «ይሄ ሦስት ቁጥር ነው! ይሄ አራት ቁጥር ነው!» እያልኩ የማብድ ልጅ ሆንኩ። ወረቀት ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁት ነገር ውስጥ በጫማዬ ገባሁ።

ግን የቀኙ ረድፍ ሲያልቅ ማስቀመጫዋ ጠፋች። አልጠፋችም እንኳ፤ ጠባለች። ሜትሩን ዘርግቼ ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከአርባ።

«ሰማንያ ሳንቲሜትሬን ማን በላው?» አልኩት ፎርማኑን።

«ያ ረቢ! እኔ አልበላሁም። ክፍሉ ሦስት ከስልሳ ነው አላልሽም? ይኸው፣ ውስጡ ሦስት ከስልሳ ነው። ግድግዳው ደግሞ ከዚያ ውጪ ነው።»

ሦስት ከስልሳ ብዬ በአፌ ስነግረው፣ ከግድግዳ መሀል እስከ ግድግዳ መሀል ማለቴን አልነገርኩትም። እሱ ደግሞ አልጋና ሳጥን የሚገባበትን ባዶውን ለካ። በእያንዳንዱ ክፍል ሃያ ሳንቲሜትር፣ አራት ጊዜ። አንዲት ክፍል ስትደጋገም ስህተቷም አብሮ ይደጋገማል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። «ደምስሰው፣ እንደ አዲስ እናውጣው» ልል ስል እናቴ በአጠገቤ አለፈች፤ ጋቢዋን አጣጥፋ መሬት ላይ አነጠፈች፤ ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጫማዋን አውልቃ በኖራው መስመር ውስጥ በጀርባዋ ተኛች።

«ይኸው! በቃኝ። ገባሁ።»

አልገባችም። እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ ውጪ ነው።

«እማማ» አለ ፎርማኑ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ በታላቅ አክብሮት፣ «እግርዎ መተላለፊያው ላይ ነው። ባልዲ የያዘ ሰው ይረግጥዎታል።»

«እሰበስበዋለሁ!» ብላ ጉልበቷን አጠፈች። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ፎርማኑ ችካሉን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። ደግፌ ሳነሳት ግን ጋቢዋ ላይ የተጣበቀውን አፈር እያራገፍኩ፣ ልቤ ድንገት ክፉኛ አዘነ። ቀልዷን አልነበረም። እዚያች ውስጥ ጉልበቷን አጥፋ ለመኖር ቆርጣለች። ምን ብዬ እንደማስለቅቃት አላውቅም ነበር።

ኖራው በትክክል ተነሰነሰ፤ ሰማንያዋ ሳንቲሜትር ተመለሰች። እናቴ ታዲያ ነገሩ ጣማት። «መሬት ላይ ከወጣ ለምን አንለማመድበትም? የእድር ሴቶችን እጠራለሁ። ግማሹ እንግዳ፣ ግማሹ ሠራተኛ ይሁን። እንግዳ ከበር እስከ አልጋ በምን በምን እንደሚያልፍ እንየው» አለች። ፎርማኑን ደግሞ ምልክት አስጻፈችና የግቢው በር ላይ አስቸነከረችው፦ «እንግዳ ማረፊያ»። «ግድግዳ እንኳ የለንም እኮ» ስላት፣ «እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ምልክቱን ነው ያልሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። አሁንም በገዛ ቃሌ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ መጡ። አምስት ነበሩ፤ ሁሉም እናቴን የሚያክሉ፣ ሁሉም በእድር ድንኳን ሁለት መቶ ሰው አብልተው ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ። አንዷ ጎረቤታችን፣ ጡረተኛ አስተማሪ፣ ጭኮ፣ ያንን በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በሰፌድ ይዛ መጣች። እኔ በደስታ ሰክሬ እንደ ቲያትር አዘጋጅ እየተሯሯጥኩ ሥራ አከፋፈልኩ። እዚህ ጋ በረንዳ ያለው መቀበያ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ደብተር፣ የቁልፍ ሰሌዳ። እንግዳ ከበሩ ይገባል፣ ትንሿን የፊት ግቢ ያቋርጣል፣ መቀበያው ጋ ይመዘገባል፣ ቁልፍ ይቀበላል፣ በአትክልቱ መሀል አልፎ በረንዳው ላይ ቁጥሩን ያገኛል። እንደ ውሃ ይፈስሳል! አስተማሪዋ የመጀመሪያዋ እንግዳ ሆነች። ቦርሳ አስያዝኳት፤ ከበሩ ውጪ አቆምኳት፤ «ይግቡ!» አልኳት።

ገባች። የፊት ግቢዬን አቋረጠች። መቀበያዬን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ፣ በሁለት ግድግዳና በአንድ ሻወር መሀል ሰንጥቃ፣ ቀጥ ብላ የድሮው ቤት ኩሽና ገባች።

«ምነው እትዬ! እንግዳ ነዎት እኮ!»

«እንግዳስ ብሆን ሰው እየሠራ ቆሜ ላይ?» አለችኝ፣ ቦርሳውን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ መቀበያው ጋ ቆመች፤ ልስማት ስደርስ «ቢላ የት ነው ያለው?» አለችኝ። ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ እናቴ ዘንድ ሲመጡ የሚገቡት በኩሽናው ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም። አራተኛዋን ክንዷን ይዤ አምስት ቁጥር ድረስ ወሰድኳትና «ይኸው አልጋዎ፣ ይተኙ» አልኳት። «በሰላም ቀን ምን አስተኛኝ?» ብላ ወጣች፤ በግድግዳው። ፎርማኑ «ግድግዳ! ግድግዳ!» እያለ ይጮኻል፣ ሴቶቹ በሳቅ ይንከተከታሉ፣ ኖራው በጫማቸው እየታሸ ግቢው ሁሉ ዱቄት መሰለ። አንድም እንግዳ አልነበረኝም። ስምንት ክፍል ሙሉ ባዶ፣ አንድ ኩሽና ሙሉ ሰው።

ዞሬ ከበሩ ሆኜ አየሁት። ሞኝ ነኝ! የኩሽናው በር ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ በቀጥታ ይታያል። ጭስ፣ ድምፅ፣ ሰው ያለው እዚያ ነው። መቀበያዬ ደግሞ በጎን ተሸጉጦ ዝም ብሏል። እግር ዓይን ያየውን ይከተላል እንጂ የኔን ወረቀት ምን ጨነቀው? ሮጬ ከገመድ ላይ ሁለት አንሶላ አወረድኩ። ፎርማኑና እኔ ሁለት ረጃጅም ችካል ተክለን፣ ከአትክልቱ መጨረሻ ላይ ወጠርናቸው፤ ግድግዳ ሆነ። ማለፊያውን በጎን አደረግሁት፤ የሚያውቅ ብቻ እንዲያገኘው። ጠረጴዛውን ደግሞ ከበሩ ሲገባ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አመጣሁት። ተመልሼ ከበሩ ስገባ፣ እኔ ራሴ ሳላስበው እግሬ ወደ ጠረጴዛው ወሰደኝ። እልልታዬን ለቀቅሁት! ከኋላ አምስት እልልታ መለሰልኝ።

እናቴ «ደግ ሠራሽ፣ አሁን ኩሽናው አይታይም» አለችና ሁላችንም ከአንሶላው ጀርባ ተሰብስበን ጭኮ መብላት ጀመርን። አስተማሪዋ የእኔን ሩጫ እያስመሰለች ታስቃለች፤ ፎርማኑ እናቴ መሬት ላይ የተኛችበትን ቀን በሁለት ቋንቋ ይተርካል። እንዲህ አድርጌ ስቄ አላውቅም። ሆዴን ይዤ አንሶላው ሥር ስንበረከክ፣ በአንሶላው ታች ጫማዎች አየሁ።

ሁለት ጫማ፣ ጭቃ የነካቸው፣ ከጠረጴዛው ፊት። አጠገባቸው የቆመ ሻንጣ።

አንሶላውን በጣቴ ገለጥ አደረግሁ። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የቆላ አገር ሰው ስስ ልብስ የለበሰች፣ ብርድ ያቀላት ልጅ። ጠረጴዛው ጋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ኋላ እንደነገረችን ከአውቶቡስ ወርዳ የዲክሲስ ሚኒባስ ሞልቶ ሄዶባት፣ ባጃጁ ምልክቱን አይቶ አውርዷት ነው። ከበሩ ገብታ የኖራውን መስመር አንዱንም ሳትረግጥ፣ ልክ እኔ እንደሣልኩት፣ መጥታ እዚያ ቆማለች። አንድ ዓመት የደከምኩበት ነገር በመጀመሪያው እውነተኛ እንግዳ ላይ ሠርቷል። ልጮህ ነበር።

«ቤቶች!» አለች ልጅቷ፣ በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ዝቅ አድርጋ ደግማ፣ «ቤቶች...»። መልስ የለም። የኛ ሳቅ ይሰማታል፣ ግን ሰው አይታያትም። ስንት ጊዜ እንደጠራች እግዜር ይወቀው። ሻንጣዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች፤ ወደ በሩ ዞር አለች። ልትሄድ ነው።

«እማዬ! እንግዳ!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ በጎን ባለው ማለፊያ አልዞረችም። አንሶላውን በግንባሯ ገጭታ፣ ችካሉን ጥላ፣ በአትክልቱ ላይ እየሮጠች፣ በአንድ እጇ ጭኮ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ! እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ልጅ! አትሂጂ!» እያለች ደረሰች። ከኋላዋ አንሶላው በቁሙ ወደቀና አምስት አሮጊቶች፣ አንድ ረጅም ፎርማንና እኔ ተደርድረን ታየን። ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ክፍል... ይኖራችኋል?»

«ስምንት አለ» አለ ፎርማኑ በትሕትና። «ግድግዳ ግን የላቸውም።»

ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች፤ ሁላችንም ተከተልን። ነርስ ናት፤ ዲክሲስ ጤና ጣቢያ ተመድባ፣ አርሲን ዓይታ የማታውቅ። ነርስ መሆኗን ስትሰማ እናቴ ሳቋን አቆመች። ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ ጋቢዋን አለበሰቻት፤ ሴቶቹ ሻንጣዋን ነጥቀው፣ የት ሌላ፣ ወደ ኩሽናው ወሰዷት። ፎርማኑ የተረገጠውን መስመር ሊያድስ የኖራ ጣሳውን አነሳ፤ እኔና እናቴ ጠረጴዛው ጋ ቀረን።

«ስንት ጊዜ ተጣራች?» አለችኝ።

«እኔ የሰማሁት ሁለቴ።»

«ልትሄድ ዞራ ነበር።»

«አዎ።»

እናቴ የወደቀውን አንሶላ አየችው። «እኔም ደብዳቤዬን ይዤ አሰላ የወረድኩ ቀን እንዲህ ቆሜ ነበር፤ በዚያ ብርድ። ሰዎች ከውስጥ ሲስቁ ይሰማኛል። ተጣራሁ፣ ተጣራሁ፣ የሚወጣ የለም። የሚገርምሽ፣ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እንደኛው ከኋላ ሆነው ነው።»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። አጥሬ የሠራሁት ነገር ወዲያና ወዲህ እንደሚያጥር ያኔ ገባኝ፤ እንግዳው ኩሽናውን እንዳያይ የጋረድኩት ግድግዳ እናቴንም እንግዳውን እንዳታይ ይጋርዳታል። ከአንሶላ ማስቀመጫዋ እስከ በሩ ድረስ ሠላሳ እርምጃ፤ ጉልበቷም እንደ ዛሬው ሁልጊዜ አይሮጥም። መልሴ አፌ ላይ ነበር፤ ወራት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

«እማዬ፣ ከቀኝ የመጀመሪያዋ ክፍል የጎን ግድግዳዋ ወደ በሩ ነው የሚያየው። እዚያ ላይ መስኮት አወጣለሁ። አልጋሽ ላይ ሆነሽ ማን እንደገባ ታያለሽ።»

«ሰባት ክፍል ሊቀር?»

«ለእንግዳ ሰባት። መታጠቢያ ግን ስምንት ነው፤ ስምንተኛው ያንቺ ነው። ከሁለት ቁጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ። ጥንዱ አይጎድልም፣ ቧንቧው አይባክንም። ከመስኮቷ በቀር አንድ መስመር እንኳ አልነካም።»

ትመልስልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን የኖራውን ጣሳ ከፎርማኑ እጅ ወሰደችና ወደ ቀኝ የመጀመሪያዋ ክፍል ሄደች። በብዙ እግር የጠፋውን መስመር፣ ጎንበስ ብላ፣ በእጇ እየቆነጠረች፣ ቀስ እያለች መልሳ አነጣችው፤ አራቱንም ማዕዘን። ሰው እንዲረዳት አልፈቀደችም። ለበሩ ክፍት ቦታ ተወች፤ በዚያ ገብታ መሀሉ ላይ ቆመች።

«መታጠቢያው የኔ ብቻ ነው?» አለችኝ።

«ያንቺ ብቻ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗን በጋቢ ጠርዝ እጠርጋለሁ ስትል ጋቢውን ለልጅቷ መስጠቷ ትዝ አላትና በእጅጌዋ ጠረገችው። እኔ ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ እየሳቅሁም እያለቀስኩም ነበር፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ፎርማኑ ታዲያ ጣሳውን ሊቀበላት መጣና፣ እንደ ልማዱ፣ ረጅም እግሩን በግድግዳው ላይ ሊያሻግር አነሳ።

«አንኳኳ እንጂ!» አለችው እናቴ።

እግሩን መለሰ። ዞሮ በሩ ጋ ሄደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ አየሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

«ማነው?» አለች እናቴ፣ ከክፍሏ ውስጥ።